ከደበዘዘ የማሸጊያ ፎቶ የታሸገ ምግብን መለየት፦ ምን ማወቅ ይቻላል? ምንስ አይቻልም?

በቡሬ ዙሪያ ባለ የገጠር ቀበሌ የሚኖር አንድ ሕፃን ከገበያ የተገዛ ብስኩት ከበላ በኋላ አስመለሰው እንበል። ቤተሰቡ የማሸጊያውን ፎቶ በስልክ አንሥቶ ፍኖተ ሰላም ለሚኖር ዘመድ ይልካል። ፎቶው በምሽት የተነሣ በመሆኑ ደብዝዟል፤ ላስቲኩም ተጨማድዷል። የሚነበበው «…ስኩት» የሚል የቃል ቁራጭ፣ የባርኮዱ ከፊል ቁጥር እና «…/2018» የሚል የቀን ጭራ ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ምርቱን መለየት ይቻላልን?

በዚህ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «ምርቱ የትኛው ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከየትኛው ጊዜ ምርት የወጣ ነው?» የሚል ነው። የደበዘዘ ፎቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሊመልስ ይችላል። ሁለተኛውን ግን በአብዛኛው የሚመልሰው ማሸጊያው ራሱ ነው።

ከባርኮዱ መጀመር

ከደበዘዘ ፎቶ ውስጥ ለግምት ብዙም የማይጋለጠው ክፍል ባርኮዱ ነው። «…ስኩት» የሚለው ቁራጭ ምርቱ ብስኩት መሆኑን ቢጠቁምም የማን ብስኩት እንደሆነ አይናገርም። የላስቲኩ ቀለምም በመብራት ብርሃን ይለወጣል፤ በተጨማሪም ልዩ ልዩ አምራቾች ተመሳሳይ ቀለም ይጠቀማሉ።

በብዙ የታሸጉ ምግቦች ላይ የሚገኘው ባርኮድ 13 አኃዞች አሉት። የመጨረሻው አኃዝ ማረጋገጫ ሲሆን ከቀደሙት 12 አኃዞች በስሌት የሚገኝ ነው። ስለዚህ ከ13ቱ አንዱ ብቻ ቢጠፋ መልሶ ማግኘት ይቻላል።

ለማስረጃ ያህል የተዘጋጀ ቁጥር እንውሰድ፦ 6 2 9 1 2 3 4 5 ? 7 8 9 4። ዘጠነኛው አኃዝ በላስቲኩ መጨማደድ ምክንያት አይታይም። ስሌቱ እንደሚከተለው ይሠራል፦

1. በ2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛ፣ 10ኛ እና 12ኛ ቦታ ያሉት አኃዞች (2፣ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9) ይደመራሉ፤ ድምሩ 27 ነው። ይህ በ3 ሲባዛ 81 ይሆናል።
2. በ1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ እና 11ኛ ቦታ ያሉት (6፣ 9፣ 2፣ 4፣ 8) ሲደመሩ 29 ይሆናሉ።
3. የመጨረሻው ማረጋገጫ አኃዝ 4 ነው። 81፣ 29 እና 4 ሲደመሩ 114 ይሆናል።
4. ጠቅላላው ድምር ያለ ቀሪ ለ10 መካፈል አለበት። 114 ላይ 6 ሲጨመር 120 ስለሚሆን የጠፋው አኃዝ 6 ነው።

የጠፋው አኃዝ በ3 ከሚባዙት ቦታዎች በአንዱ ላይ ቢሆንም መልሱ አንድ ብቻ ነው። ሁለት አኃዞች ከጠፉ ግን ስሌቱን የሚያሟሉ አሥር አማራጮች ይኖራሉ፤ ስለዚህ በግምት አንዱን መምረጥ ተገቢ አይደለም። ስሌቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ በደበዘዘ ፎቶ 3 እንደ 8፣ ወይም 5 እንደ 6 ሊታይ ይችላል። ከአኃዞቹ አንዱ ብቻ በስሕተት ከተነበበ ድምሩ ለ10 ስለማይካፈል ስሕተቱ ይታወቃል።

ቁጥሩ ከተሟላ በኋላ ሱቅ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ምርት ጋር ማመሳከር ቀላል ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የአረዳድ ስሕተት መታረም ይኖርበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ቁጥሩን የሰጠው ድርጅት የሚገኝበትን አገር እንጂ ምግቡ የተመረተበትን አገር አያመለክቱም። ለምሳሌ 629 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ 628 ደግሞ የሳዑዲ ዓረቢያ መለያ ነው። በ629 የሚጀምር ምርት ግን በሌላ አገር ተመርቶ ሊሆን ይችላል። የተመረተበት አገር የሚታወቀው በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው የአምራቹ ስምና አድራሻ ነው።

ባርኮድ የማይናገረው

በእነዚህ 13 አኃዞች ውስጥ የተመረተበት ቀንም ሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ የለም። ትናንት የተመረተውም ሆነ ጊዜው ያለፈበት ተመሳሳይ ብስኩት አንድ ዓይነት ባርኮድ ይኖራቸዋል። ስለዚህ የሕፃኑን ቤተሰብ ያሳሰበው ጥያቄ በባርኮድ አይመለስም። መልሱ ያለው በባች ቁጥሩና በቀኑ ላይ ነው። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ማሸጊያው ከታተመ በኋላ በፋብሪካው በደቃቅ ነጠብጣብ፣ ብዙ ጊዜም በላስቲኩ መገጣጠሚያ ወይም ጫፍ ላይ ስለሚታተሙ ፎቶ ሲደበዝዝ ቀድመው የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። የባች ቁጥር እንደ ባርኮድ ማረጋገጫ አኃዝ ላይኖረው ስለሚችል የጎደለውን በስሌት መሙላት አይቻልም።

«…/2018» የሚለው ጭራም በራሱ በቂ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከመስከረም 2025 እስከ መስከረም 2026 ያለው ጊዜ ነው። ቁጥሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ግን ምግቡ ጊዜው ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከዓመቱ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መኖሩን፣ እንዲሁም ቀኑ የተመረተበት ይሁን የማብቂያው ማሸጊያውን ይዞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁለቱን ማረጋገጥ ካልተቻለ ምግቡን አለመመገብ ይገባል።

ፎቶውን እንደገና ማንሣትና ማሸጊያውን ማቆየት

ምግብ በልቶ የታመመ ሰው ካለ፣ ፎቶ ከማጣራት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይቀድማል። ማሸጊያውንና የተረፈውን ምግብ በንጹሕ ፌስታል ቋጥሮ ለባለሙያው ማሳየት ያስፈልጋል። ማሸጊያውን ማጠብም ሆነ መጣል አይገባም፤ የነጠብጣቡ ቀለም በውኃ ሊለቅ ይችላል።

ማሸጊያው በእጅ ካለ ፎቶውን እንደገና ማንሣት ይቻላል። የስልኩን ካሜራ መስተዋት በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ፣ ላስቲኩን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ ጫፎቹን መያዝ፣ በቀን ብርሃን በጥላ ሥር ማንሣት ይመረጣል። የስልኩ ፍላሽ በሚያብለጨልጭ ላስቲክ ላይ ነጸብራቅ ስለሚፈጥር ይጠፋል። ስልኩ በጣም ሲጠጋ ጽሑፉ ይበልጥ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ጥቂት ራቅ ብሎ ማንሣት ይሻላል። ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ የፊት ገጽ፣ ባርኮዱና የአምራቹ አድራሻ፣ እንዲሁም ባችና ቀኑ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል፤ «File» በሚለው አማራጭ ከተላከ ግን እንደተነሣ ይደርሳል።

ጥቆማ ለመስጠት

የአምራች ስምና አድራሻ የሌለው፣ ቀኑ የተፋቀ ወይም በሌላ ቀን የተሸፈነ ምርት ያጋጠመው ሰው በአቅራቢያው ለሚገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ለወረዳው ወይም ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይችላል። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃ የስልክ መስመር 8482 መደወል ይቻላል። ምግብና መድኃኒትን የሚመለከተው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው።

በጥቆማው ላይ የምርቱ ዓይነት፣ የተነበቡት አኃዞች፣ የተገዛበት ሱቅና ቀን ይገለጻሉ። ያልተነበበ አኃዝ ካለ በቦታው «?» ተደርጎ ይጻፋል እንጂ በግምት አይሞላም። በግምት የተሞላ አንድ የባች አኃዝ ቁጥጥሩን ወደ ሌላ ምርት ሊመራ፣ ጉዳት ያለበትን ደግሞ በመደርደሪያ ላይ ሊያስቀር ይችላልና።