አጠቃላዩ ሞልቶ ጽሑፉ ሲጎድል

የአይልትስ ውጤት ሲመጣ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው አጠቃላዩ ነጥብ ላይ ነው። ብዙ አመልካች የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።

አንዲት አመልካች በማዳመጥ 7፣ በማንበብ 6.5፣ በመጻፍ 5.5፣ በመናገር 6.5 አገኘች እንበል። አማካዩ 6.375 ስለሆነ፣ ወደ ቅርቡ ግማሽ ተጠጋግቶ አጠቃላዩ 6.5 ይሆናል። የምታመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ “አጠቃላይ 6.5፣ በየትኛውም ክፍል ከ6.0 ያላነሰ” ይላል። የመጀመሪያውን አሟልታለች፤ በሁለተኛው ወድቃለች። ስለዚህ መስፈርቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ነው፤ አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ከዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ መስፈርት ከፍ ያለ ይጠይቃሉና።

የጎደላት የጽሑፍ ግማሽ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ማዳመጥን ወደ 8 ብታሳድገው እንኳ አይጠቅማትም። ፈተናውን በኮምፒውተር ወስዳ ከሆነና ማዕከሉ አገልግሎቱን ከሰጠ፣ በ60 ቀን ውስጥ ጽሑፉን ብቻ አንድ ጊዜ መድገም ትችላለች። ከመክፈሏ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለውን ውጤት መቀበሉን ትጠይቅ፤ የማይቀበሉ አሉ።

መቼ ትድገም? እንደ እኔ ቀኑን የሚወስነው ድርሰቷ ነው። በጽሑፍ ክፍል ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው እጥፍ ነጥብ ይይዛል። በ40 ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃላት ጽፋ ለመምህር ታሳይ። ጥያቄውን በሙሉ ሳትመልስ የምትጨርስ ከሆነ ወይም ያው የሰዋስው ስህተት ከተደጋገመ ገና ናት። የማመልከቻው ቀን ከተቃረበ፣ ዩኒቨርሲቲው ቅድመ ሁኔታ ያለው ቅበላ ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ ተጣድፎ ከመፈተን ይሻላል።