ያውቁ ኖሯል? መላምት፣ ተዛምዶ፣ ማመላከት

ያውቁ ኖሯል? በዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ውስጥ ግምት ሁሉ መላምት አይባልም። ሃይፖቴሲስ የሚለው የግሪክ ቃል «ከሥር የተቀመጠ» እንደ ማለት ነው፤ የእኛው መላምት ደግሞ መላ ከመምታት የመጣ ነው። ጥናት ላይ ሲውል ግን አንድ ጥብቅ መስፈርት አለው፦ ስህተት ሆኖ ሊገኝ የሚችልበት መንገድ መኖር አለበት። ፈላስፋው ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ አጥብቆ የተከራከረው በዚህ ጉዳይ ነው። «ቡና ለተማሪ ጥሩ ነው» የሚለው መላምት አይደለም፤ ምን ቢገኝ ውድቅ እንደሚሆን አይታወቅምና። «ማታ ቡና የሚጠጡ ተማሪዎች ከማይጠጡት ያነሰ ሰዓት ይተኛሉ» የሚለው ግን መላምት ነው። የእንቅልፍ ሰዓት ይለካል፣ ሁለቱ ወገኖች ይነጻጸራሉ፣ ልዩነት ከሌለም ጸሐፊው ተሸነፈ።

ያውቁ ኖሯል? መላምት እንዴት እንደሚፈተን ለማየት ከኢግናዝ ሰመልቫይስ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ከባድ ነው። ሐኪሙ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት፤ በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 በአንደኛው ክፍል ከመቶ እናቶች 11 ያህሉ ሲሞቱ በሁለተኛው የሞቱት 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ለምን? አንዱ ግምት፣ በሞት አፋፍ ላሉ ሊጸልይ የሚመጣው ቄስ ደወል እያስደወለ በአንደኛው ክፍል በኩል ስለሚያልፍ እናቶቹ በፍርሃት ይታመማሉ የሚል ነበር። ሰመልቫይስ ግምቱን ወደሚፈተን ዓረፍተ ነገር ለወጠው፦ «ምክንያቱ ፍርሃት ከሆነ፣ ደወሉ ሲቀር ሞቱ ይቀንሳል።» ደወሉ ቀረ፤ ሞቱ አልቀነሰም፤ መላምቱ ውድቅ ሆነ። እናቶቹ በጀርባቸው ሳይሆን በጎናቸው ተኝተው እንዲወልዱም አደረገ። ያም ለውጥ አላመጣም።

እ.ኤ.አ. በ1847 የሥራ ባልደረባው ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር በቢላ ተወግቶ፣ በዚያው ታሞ ሞተ። በሰውነቱ ላይ የታየው ጉዳት ደግሞ የእናቶቹን ይመስል ነበር። የሕክምና ተማሪዎቹ ከአስከሬን ክፍል በቀጥታ ወደ ማዋለጃ ይሄዱ ነበርና አዲሱ መላምት «ከአስከሬን በእጅ የሚተላለፍ ነገር እናቶቹን ይገድላል» የሚል ሆነ። በግንቦት አጋማሽ ሁሉም እጁን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ ከመቶ 18 ደርሶ የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ገደማ ወረደ። እዚህ ላይ «መላምቱ ተረጋገጠ» ለማለት ምላስ ይቸኩላል። ጥንቁቅ ጸሐፊ የሚጽፈው ግን «ውጤቱ መላምቱን ይደግፋል» ብሎ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰመልቫይስ ስለ ጀርሞች አያውቅም ነበር። እጅ መታጠቡ ትክክል ቢሆንም በእጅ የሚተላለፈው ነገር ምን እንደሆነ የሰጠው ማብራሪያ ኋላ መታረም አስፈልጎታል።

ያውቁ ኖሯል? በእንግሊዝኛ ለምትጽፉ፣ አንዱ ሃይፖቴሲስ ሲሆን ብዙው ሃይፖቴሲዝ ነው። በጽሑፍ የሚለየው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል።

ያውቁ ኖሯል? ተዛምዶ በቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩም ከአሉታዊ 1 እስከ አዎንታዊ 1 ነው። ወደ 1 ሲጠጋ ሁለቱ ነገሮች አብረው ይጨምራሉ፣ ወደ አሉታዊ 1 ሲጠጋ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ጉዳዩ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጽሑፍ 23 አገሮች ተነጻጽረው፣ ሕዝባቸው ብዙ ቸኮሌት የሚበላ አገሮች ከሕዝብ ቁጥራቸው አንጻር ብዙ የኖቤል ተሸላሚዎች እንዳሏቸው ታየ። ተዛምዶው 0.79 ነበር፤ በማኅበራዊ ጥናት እንዲህ ያለ ቁጥር ማግኘት ብርቅ ነው። ቸኮሌት ኖቤል ያሸልማል ማለት ግን አይደለም። ሀብታም አገር ቸኮሌትም ይገዛል፣ ቤተ ሙከራም ይሠራል፤ ሁለቱን አብሮ የሚያሳድገው ሦስተኛ ነገር ሀብት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «የቸኮሌት ፍጆታ ከኖቤል ተሸላሚዎች ቁጥር ጋር ይዛመዳል» ማለት ትክክል ነው። «የቸኮሌት ፍጆታ የተሸላሚዎችን ቁጥር ይጨምራል» ማለት ግን ስህተት ነው። ጨመረ፣ ቀነሰ፣ አስከተለ፣ ዳረገ፣ አሻሻለ፣ እነዚህ ሁሉ መንስኤን የሚናገሩ ግሶች ናቸው። ተዛምዶ ብቻ ይዞ እነሱን የተጠቀመ ጽሑፍ መረጃው ያልሰጠውን እየተናገረ ነው። የራስዎን ጽሑፍ ሲያርሙ እነዚህን ግሶች አንድ በአንድ እየፈለጉ ከየት እንደመጡ ይጠይቁ።

ያውቁ ኖሯል? ኢምፕላይ የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ በሒሳብ ክፍልና በድርሰት ክፍል ጉልበቱ ለየቅል ነው። በሒሳብ «የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ሁለተኛው የግድ እውነት ነው» ማለት ነው፤ ማምለጫ የለውም። በድርሰት ግን «በግልጽ ባይናገርም ያመላክታል» እንደ ማለት ነው። ከሒሳብና ከምህንድስና የመጡ ተማሪዎች ማኅበራዊ ጥናት ሲጽፉ ካሰቡት በላይ የሚያጠነክሩት አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ኢምፕላይና ኢንፈር የሚሉት ግሶችም አይምታቱ። የሚያመላክተው መረጃው ወይም ጸሐፊው ነው፤ ከዚያ ተነስቶ መደምደሚያ የሚያወጣው አንባቢው ነው። «የሁለቱ ክፍሎች ልዩነት ምክንያቱ ከተማሪዎቹ ጋር እንደሚመጣ ያመላክታል፤ ሰመልቫይስም ከዚህና ከኮሌችካ ሞት ተነስቶ ስለ እጅ ደመደመ።» ቁጥሩ አመላከተ፣ ሰው ደመደመ።

ያውቁ ኖሯል? ጥንቃቄም ይበዛል። «ሊያመላክት ይችል ይሆናል የሚል ግምት ሊኖር ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይናገርም። አንድ ማለዘቢያ ይበቃል፦ «ያመላክታል» ወይም «ሊሆን ይችላል»፣ ከሁለቱ አንዱ።

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር እናርም። አንድ ተማሪ ለ60 የክፍል ጓደኞቹ መጠይቅ በትኖ፣ በቀን ስንት ሰዓት ማኅበራዊ ሚዲያ እንደሚጠቀሙና አማካይ ውጤታቸው ስንት እንደሆነ ጠየቀ እንበል። መደምደሚያው ላይም «ማኅበራዊ ሚዲያ የተማሪዎችን ውጤት እንደሚቀንስ ጥናቱ አረጋግጧል» ብሎ ጻፈ። «አረጋግጧል» ይውጣ፤ አንድ መጠይቅ ያን ያህል አቅም የለውም። «እንደሚቀንስ» ይውጣ፤ ውጤቱ የወደቀበት ተማሪ ተስፋ ቆርጦ ወደ ስልኩ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ አቅጣጫው አይታወቅም። «የተማሪዎችን» ይጥበብ፤ የተጠየቁት የአንድ ክፍል ልጆች ናቸው። የሚቀረው ይህ ነው፦ «በተጠየቁት 60 ተማሪዎች ዘንድ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያጠፉት ሰዓት ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ይዛመዳል፤ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ ግን ይህ መረጃ አያሳይም።»