ጭማቂው ሲበዛ ስሙ እንዳይበዛ

አሜሪካ ውስጥ የብርቱካን ጭማቂ የለመደ ሸማች ከማቀዝቀዣው ፊት ቆሞ ጽሑፍ አያነብም፤ የሚያውቀውን ካርቶን አንስቶ ይሄዳል። ትሮፒካና ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው። የያኔው ባለቤቱ ፔፕሲኮ በጥር 2009 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የታወቀውን ባለ ብርቱካንና ማጠጫ ካርቶን በአዲስ ቀየረው። ሸማቾች የሱፐርማርኬት ርካሽ ጭማቂ መሰለን አሉ፤ የፍሬው ሥጋ ያለበቱን ከሌለበቱ መለየት ያስቸገራቸውም ነበሩ። ሽያጩ በሁለት ወር ሳይሞላ 20 በመቶ ገደማ ወረደ፤ በየካቲት መጨረሻ ኩባንያው ወደ አሮጌው ካርቶን እንደሚመለስ አስታወቀ።

በርግጥ ዋናው ጥፋት የሥዕሉ ነው። ግን ከሥሩ የስም ጉዳይም አለ። አንድ የጭማቂ ብራንድ ሲሰፋ እያንዳንዱ እሽግ አራት ነገር መናገር አለበት፦ የማን እንደሆነ፣ የምን ፍሬ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደያዘ። ቅደም ተከተሉ በሁሉም እሽግ ላይ አንድ መሆን ይኖርበታል።

አንድ ጀማሪ አምራች «ማንጎ» ብሎ በ250 ሚሊ ሊትር ጀመረ እንበል። ቀጥሎ ስኳር ያልጨመረበትን አመጣ። አንዱ እሽግ ላይ «ስኳር ያልተጨመረበት»፣ ሌላው ላይ «ስኳር አልባ»፣ ሦስተኛው ላይ «ላይት» ተጻፈ። ለአምራቹ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለገዢው ግን አይደሉም። ማንጎ በተፈጥሮው ስኳር ስላለው «ስኳር አልባ» የሚለው ከናካቴው ውሸት ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ያምነዋል። የመጀመሪያውም «ማንጎ» ብቻ ሆኖ ሲቀር ባለ ሱቁ ሲያዝዝ የትኛውን እንደፈለገ አይታወቅም። ስለዚህ ሁለተኛው ከመምጣቱ በፊት የመጀመሪያውም መለያ ያግኝ። ትሮፒካና የፍሬ ሥጋ የሌለበትን «ኦሪጅናል» ያለው ለዚህ ይጠቅመዋል።

መጠንን «ትልቅ» እና «ትንሽ» ብሎ መሰየም ደግሞ መካከለኛው እስኪመጣ ድረስ ብቻ ይሠራል። ቁጥር ይሻላል። ትሮፒካና በ2010 የ1.89 ሊትሩን ካርቶን ወደ 1.75 ሊትር ዝቅ አድርጎታል፤ «ግማሽ ጋሎን» ብሎ ሰይሞት ቢሆን ኖሮ ስሙ ሐሰት ይሆን ነበር። ባርኮዱም የስሙ ተከታይ ነው፤ እያንዳንዱ ጣዕም፣ ዓይነትና መጠን የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ የተጣራው መጠን ሲቀየርም አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል።

የሚለያይ ነገር ግን በግድ በአንድ ስም አይታሰር። ትሮፒካና ስኳሩን በግማሽ የቀነሰውን ሲያወጣ ውሃና ስቴቪያ ስላለበት «ጭማቂ» ብቻ ብሎ ሊጠራው አልቻለም፤ «ትሮፕ50» ብሎ ለይቶ የጭማቂ መጠጥ መሆኑን ጻፈበት። ትክክል አድርጓል እላለሁ።

ጭማቂ የምታመርቱ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የእሽጎቻችሁን ስሞች ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ አስፍሩ፤ አንድ ነገር በሁለት ቃል የተጠራበት መስመር ካለ ሳይታተም አርሙት።