ሚኒስትሩ በሁለት ደቂቃ የሚረዱት ምክረ ሐሳብ

«የገጠር ውሃ አቅርቦትን ዘላቂነት ለማረጋገጥ የሚመለከታቸው አካላት ቅንጅታዊ አሠራርን ማጠናከር ይኖርባቸዋል።» እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ስህተት የለበትም፤ ሚኒስትሩ የሚወስኑበት ነገር ግን የለውም። ማን ይሥራው? በስንት ብር? እስከ መቼ?

ለማሳያ በወሰድናቸው አሃዞች እንደገና እንጻፈው፦ «ሚኒስቴሩ አገልግሎት ያቆሙ 200 የእጅ ፓምፖችን እስከ ሰኔ 30 ያስጠግን። ለአንዱ 60 ሺህ፣ በድምሩ 12 ሚሊዮን ብር ከካፒታል በጀት፤ ከዚያ በኋላ ለመለዋወጫ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ብር ከመደበኛ በጀት።»

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ያ የመጨረሻው ሐረግ ነው። የጥገናው ወጪ ብቻ ከተጻፈ ጎማው ያለቀበት ፓምፕ በዓመቱ ተመልሶ ይቆማል።

12 ሚሊዮን ብር ብቻውን ብዙም ጥቂትም አይደለም፤ ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። አዲስ ጉድጓድ 600 ሺህ ብር ከፈጀ፣ በዚሁ ገንዘብ የሚቆፈረው 20 ብቻ ነው። የመለዋወጫ ዋጋ ከምንዛሪ ጋር የሚዋዥቅ ከሆነም «ከ10 እስከ 14 ሚሊዮን» ብሎ ምክንያቱን በአንድ መስመር መግለጽ ይሻላል።

ቅደም ተከተሉስ? አሥሩም ምክሮች «አስቸኳይ» ከተባሉ አስቸኳይ የለም። ጸሐፊው «ግማሹ ገንዘብ ብቻ ቢፈቀድ የትኛው ይቀራል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ የማይቀረውን አንደኛ ያድርገው።

በመጨረሻም ገጹን ጉዳዩን ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ ሰጥቶ ከሁለት ደቂቃ በኋላ መቀበል ነው። ሥራውን፣ ወጪውንና ቀኑን በቃሉ ካልነገረን ገጹ ገና አላለቀም።