የትኛው ክፍያ? የአገልግሎት ውል በቀላል አማርኛ ሲጻፍ

ቡራዩ ያለ ባለሱቅ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ሰበታ ዕቃ በሞተረኛ ሊልክ የስልክ መተግበሪያ ከፈተ እንበል። መጀመሪያ የሚያገኘው «ውሉን ተቀብያለሁ» የሚል ሳጥን ነው። ሳያነብ ይጫነዋል። ውሉ የሚነበበው ዕቃው የጠፋ ዕለት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጉዳይ አልዘለለውም። በአንቀጽ 1686 መሠረት አንዱ ወገን ያዘጋጀው አጠቃላይ የንግድ ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው ሌላው ወገን አውቆ ከተቀበለው ወይም መንግሥት ከደነገገው ወይም ካጸደቀው ነው። አንቀጽ 1738 ደግሞ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያጠራጥር ላላዘጋጀው ወገን እንዲተረጎም ያዝዛል። ኃላፊነትን በውል መገደብም በሕጉ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ግልጽ አጻጻፍ ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን ገደቡን የጻፈውን ድርጅትም ይጠብቃል።

ችግሩ የሚመጣው ጽሑፉ ሲቀልል ነው። በእንዲህ ዓይነት ውሎች የተለመደውን አንቀጽ በምሳሌ እንየው፦ «ድርጅቱ ለተከታይ ጉዳትና ለታጣ ገቢ ኃላፊነት የለበትም፤ ጠቅላላ ኃላፊነቱም ደንበኛው ባለፉት 3 ወራት ከከፈለው የአገልግሎት ክፍያ አይበልጥም።»

አንድ ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው «ዕቃዎ ቢጠፋ የምንከፍልዎ ከከፈሉት አይበልጥም» ይለዋል። ያምራል፤ ግን ቢያንስ ሁለት ነገር ጠፍቶበታል። ባለሱቁ ለዕቃው ግዢ 12,000 ብር፣ በ3 ወሩ ለማድረሻ 900 ብር አውጥቷል። «የከፈሉት» የትኛው ነው? ደንበኛው 12,000 ነው ቢል ጥርጣሬው የሚተረጎመው ለእሱ ነው። «ጠቅላላ» የሚለው ቃል በመውደቁ ደግሞ ገደቡ ለእያንዳንዱ ጉዳት ለየብቻ የተቀመጠ ይመስላል፤ ሦስት ዕቃ ቢጠፋ ከ900 ወደ 2,700 ብር ይወጣል።

የተሻለው እንዲህ ነው፦ «ዕቃዎን ብናጠፋ ካሳ እንከፍልዎታለን። ስንት ጊዜም ቢጠፋ ካሳው ሁሉ ተደምሮ ባለፉት 3 ወራት ለማድረስ ከከፈሉን ገንዘብ አይበልጥም። የዕቃው ዋጋ በዚህ ሒሳብ አይገባም። በመጥፋቱ ያመለጠዎትን ሽያጭና ትርፍ፣ ወይም ተከትሎ የመጣብዎን ሌላ ኪሳራ አንከፍልም።» ከመጀመሪያው ይረዝማል። ይርዘም። ባለሱቁ ከላከ በኋላ ሳይሆን ከመላኩ በፊት መድን መግባት እንዳለበት ይገባዋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ውሉን ያልጻፈ ሰው ከላይ ያለውን ሒሳብ ከአዲሱ ጽሑፍ ይሥራ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከአሮጌው አንቀጽ ይሥራ። ቁጥሩ ከተለያየ የተቀየረው ቋንቋው ብቻ አይደለም፤ ውሉም ነው።

ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋቸው ነው። አማርኛውን ያቀለለ ድርጅት የአፋን ኦሮሞውንም ጽሑፍ በዚያው ሒሳብ ይፈትነው፤ ሁለቱ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸናም ከሳጥኑ በላይ ይጻፍ።