«ልጅሽ ትናንት ምን በላ?»

ለመመረቂያ ጽሑፉ የሕፃናት አመጋገብን የመረጠ ተማሪ ርዕሱ ቀላል ይመስለዋል። ደም አይቀዳ፣ መድኃኒት አይሰጥ። እናትን «ልጅሽ ትናንት ምን በላ?» ብሎ መልሷን መመዝገብ ብቻ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ሕፃን የእናት ጡትን ጨምሮ ከ8 የምግብ ምድቦች በቀን ቢያንስ 5ቱን ማግኘት አለበት። ለተማሪው ጉዳዩ ቆጠራ ነው። «እንጀራ በሽሮ» ብላ የምትመልሰው እናት ግን ጎረቤት እየሰማ ድህነቷን መናገሯ ነው። ካፈረች ያላበላችውን እንቁላልና ወተት ትጨምራለች። እሷ ትሸማቀቃለች፣ መረጃውም ይበላሻል። ለብቻዋ ማነጋገር ለሁለቱም ይበጃል።

የገቢ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ስጋት አለው። በሴፍቲኔት የታቀፈ ቤተሰብ እውነቱን ቢናገር ከተረጂዎች መዝገብ የሚሰረዝ ይመስለዋል፤ ያልታቀፈው ደግሞ ይመዘግቡኛል ብሎ ገቢውን ያሳንሳል። ተማሪው መልሱ ለቀበሌ እንደማይደርስ፣ እርዳታም እንደማያስገኝ አስቀድሞ መንገር አለበት።

የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድና የወረዳ የትብብር ደብዳቤ ቀበሌ ያስገባሉ እንጂ የእናቲቱን እሺታ አይተኩም። የቀበሌ ሹም አጠገቡ ከቆመማ እምቢ ማለት ትፈራለች። ስለዚህ መንገድ መሪው ደጃፍ አድርሶ ይመለስ። ስሟም ከመልሷ ተለይቶ ይቀመጥ፤ መጠይቁ ላይ የሚሰፍረው መለያ ቁጥር ብቻ ይሁን። ይህም ላይበቃ ይችላል፤ በትንሽ ቀበሌ «አምስት ልጆች ያሏት ልብስ ሰፊ» ተብሎ ከተጻፈ ስም ባይጠራም ሁሉም ያውቃታል።

ከሁሉ የሚከብደው ተማሪው የታመመ ሕፃን ሲያገኝ ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን ክንድ ሲለካ 11.2 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ከ11.5 በታች ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ነው። ቁጥሩን መዝግቦ ወደ ቀጣዩ ቤት መሄድ ይቻላል?

ካናዳ ውስጥ እንዲህ ተደርጎ ነበር። ከ1948 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ተመራማሪዎች በስድስት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ወደ 1,000 በሚጠጉ የነባር ሕዝቦች ልጆች ላይ የአመጋገብ ሙከራ አካሂደዋል። ልጆቹ በቂ ምግብ እንደማያገኙ እየታወቀ፣ በአንዱ ትምህርት ቤት ለንጽጽር ሲባል ብቻ የወተት ድርሻቸው ለሁለት ዓመት ሳይጨመር ቆየ። ወላጆች አልተጠየቁም። ጉዳዩ በሰፊው የታወቀው የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ሞዝቢ በ2013 ጥናቱን ሲያወጣ ነው።

የተማሪው ግዴታ እናቲቱን በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ መላክና መድረሷን ማረጋገጥ ነው። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚቀበላትና ማን እንደሚያደርሳት መረጃ መሰብሰብ ሳይጀመር በንድፈ ሐሳቡ ላይ መስፈር አለበት። ይህን መልስ የሌለው ተማሪ ክንድ መለካት የለበትም፤ አማካሪውም ርዕሱን ሊያጸድቅለት አይገባም።