ኑክሊዮይድ

ኑክሊዮይድ በባክቴሪያ ህዋስ ውስጥ ዲኤንኤው ተሰብስቦ የሚገኝበት፣ በሽፋን ግን ያልተከለለ ክፍል ነው። የሰው፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ህዋስ ዲኤንኤውን ኒውክለስ በተባለ ባለ ሽፋን ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል። ባክቴሪያ ይህ ክፍል የለውም። ስለዚህ ባዮሎጂ የሚማር ተማሪ ብዙ ጊዜ «ኒውክለስ ከሌለው የባክቴሪያ ዲኤንኤ ለምን አይበተንም? ለምንስ አይተበተብም?» ብሎ ይጠይቃል። አጭሩ መልስ፦ ዲኤንኤውን በሥርዓት የሚይዘው ግድግዳ ሳይሆን የራሱ ጥምዝ፣ በላዩ ላይ የሚጣበቁ ፕሮቲኖችና በዙሪያው ያለው መጨናነቅ ነው።

## የርዝመቱ ችግር

በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢሼሪሺያ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ለዚህ ጥናት ዋና ምሳሌ ነው። ዲኤንኤው ጫፍ የሌለው አንድ ክብ ክሮሞሶም ሲሆን ወደ 4.6 ሚሊዮን የሚጠጉ የቤዝ ጥንዶች አሉት። ከአንዱ ጥንድ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 0.34 ናኖሜትር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ ክሮሞሶሙ ቢዘረጋ ወደ 1.6 ሚሊሜትር እንደሚረዝም ይታወቃል። ህዋሱ ራሱ ግን ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ዲኤንኤው ከሚኖርበት ህዋስ ወደ 800 ጊዜ ያህል ይረዝማል። ያም ሆኖ ኑክሊዮይዱ ህዋሱን ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛውን ስፍራ ይይዛል።

## ጥምዙ

ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው የመጀመሪያውን ዘዴ በቀላሉ ይረዳል። በእንዝርት የተፈተለ ክር ከመጠን በላይ ከሮ ጫፎቹ ሲቀራረቡ በራሱ ላይ ይጠቀለላል፤ ያጥራል፣ ይሰበሰባልም። ዲኤንኤም ሁለት ፈትሎች አንዱ በሌላው ላይ የተጠመዘዙበት ነው። በየ10.5 የቤዝ ጥንዱ አንድ ዙር ስለሚኖር የኢሼሪሺያ ኮላይ ክሮሞሶም በተፈጥሮው ከ440,000 በላይ ዙሮች አሉት።

ባክቴሪያው ግን ክሩን በማክረር ፈንታ በማላላት ነው የሚጠቀልለው። ጋይሬዝ የተባለው ኢንዛይም የዲኤንኤውን ሁለት ፈትሎች ይቆርጣል፣ ሌላውን የዲኤንኤ ክፍል በተቆረጠው መካከል ያሳልፋል፣ ከዚያም ቁርጡን መልሶ ይገጥማል። በእያንዳንዱ ዙር ሥራው ከዲኤንኤው ሁለት ዙሮች ይቀነሳሉ። በዚህ መንገድ ከመቶ 6 ያህሉ ዙሮች ይጎድላሉ። ክሮሞሶሙ ክብ ስለሆነ ጉድለቱ በጫፍ በኩል ሊያመልጥ አይችልም፤ ስለዚህ ዲኤንኤው በራሱ ላይ ይጠቀለላል። የላላ ዲኤንኤ ሁለቱ ፈትሎቹ በቀላሉ ስለሚከፈቱ ጂኖቹንም ለማንበብ ይቀላል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው መድኃኒት የሚያጠቃው ይህንኑ ኢንዛይም ነው። ጋይሬዝ ዲኤንኤውን ከቆረጠ በኋላ ሳይገጥመው እንዲቆም ያደርገዋል። ክሮሞሶሙም እንደተቆረጠ ይቀራል፤ ባክቴሪያው ሊጠግነው ካልቻለ ይሞታል።

## አሳሪ ፕሮቲኖች

ክሮሞሶሙ አንድ ወጥ ጥቅል ቢሆን ኖሮ በአንድ ቦታ ቢቆረጥ ጥምዙ ሁሉ በተፈታ ነበር። ይህ አይሆንም። ዲኤንኤው እያንዳንዳቸው በአማካይ ወደ 10,000 የቤዝ ጥንዶች በያዙ ቀለበቶች የተከፈለ ነው፤ አንዱ ቀለበት ቢቆረጥ የሚላላው እሱ ብቻ ነው። ድንበሮቹ ቋሚ አይደሉም፤ ህዋሱ በሚሠራው ሥራ መሠረት ይለዋወጣሉ።

በዲኤንኤው ላይ ከሚጣበቁት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ያጎብጡታል፤ ሌሎቹ የተራራቁ ክፍሎቹን ያገናኛሉ። ሙክቢ የተባለው ረጅም ፕሮቲን ከረዳቶቹ ጋር ትልልቅ ቀለበቶችን ይይዛል። ይህ ፕሮቲን ሲጎድል የሚደርሰው ጉዳት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዲኤንኤን የሚያበራ ቀለም ሲጨመር ከህዋሶቹ አንዳንዶቹ ምንም ብርሃን አያሳዩም፤ ህዋሱ ሲከፈል ዲኤንኤ ሳይደርሳቸው ቀርተዋል ማለት ነው። ጥቅሉ ቦታ ከመቆጠብ ባሻገር ሁለቱ ቅጂዎች ሳይተበተቡ ወደየልጅ ህዋሳቸው እንዲሄዱ የሚያደርግ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

የኒውክለስ አለመኖር የራሱ ውጤትም አለው። በሰው ህዋስ የጂኑ ቅጂ መጀመሪያ ከኒውክለስ መውጣት አለበት። በባክቴሪያ ግን ቅጂው ገና እየተጻፈ ሳለ ራይቦዞም ተጣብቆበት ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል። አብዛኞቹ ራይቦዞሞች ከኑክሊዮይዱ ውጭ ተከማችተው ስለሚገኙ ዲኤንኤውን ከዙሪያው በመጫን እንዲሰበሰብ ያግዛሉ።

## ክብ ያልሆነ ክሮሞሶም፦ የሚያገረሽ ትኩሳት

ሁሉም ባክቴሪያ ክብ ክሮሞሶም የለውም። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚታወቀው በቅማል የሚተላለፍ የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ብርዳማ ስፍራዎች ሰው ደራርቦ ይለብሳል፤ የገላ ቅማል ደግሞ የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። ቅማሉ ሲጨፈለቅ በውስጡ ያለው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለ ባክቴሪያ በተቧጠጠ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ታማሚው ትኩሳት ላይ ሳለ ለወባ እንደሚደረገው የደም ናሙና በመስታወት ላይ ተቀብቶና ቀለም ተደርጎበት ሲታይ ባክቴሪያው እንደ ቀጭን ጥምዝ ክር ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ባክቴሪያ ሙሉ የዲኤንኤ ንባብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ክሮሞሶሙ ሁለት ጫፎች ያሉት ቀጥ ያለ ክር ሲሆን ወደ 930,000 የቤዝ ጥንዶች አሉት፤ ከእሱም ሌላ ሰባት ቀጥ ያሉ ትንንሽ የዲኤንኤ ክሮች፣ ማለትም ፕላዝሚዶች፣ ይገኛሉ። ክሮሞሶሙ ቢዘረጋ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ 15 ማይክሮሜትር በሆነ ህዋስ ውስጥ ሲታሰብ ከህዋሱ 20 ጊዜ ያህል ይረዝማል።

የተከፈተ የዲኤንኤ ጫፍ ለህዋስ አደገኛ ነው፤ እንደ ስብራት ይቆጠራል፣ በኢንዛይሞችም ይበላል። ቦሬሊያ ይህን የሚከላከለው በእያንዳንዱ ጫፍ አንዱን ፈትል አጥፎ ከሌላው ጋር በመግጠም ነው፤ ጫፉ እንደ ፀጉር መርፌ የታጠፈ ይሆናል። ዲኤንኤው ሲባዛ ሁለቱ ቅጂዎች በእነዚህ ጫፎች ላይ እንደተያያዙ ይቀራሉ። አንድ ልዩ ኢንዛይም መገናኛውን ቆርጦ አዳዲሶቹን ጫፎች መልሶ ያጥፋቸዋል።

በሽታው የሚያገረሸውም ከዚህ አደረጃጀት ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። የባክቴሪያውን የላይኛ ልብስ የሚሠራው ጂን የሚነበበው በአንድ ፕላዝሚድ ጫፍ አጠገብ ባለ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሌሎቹ ተመሳሳይ ጂኖች ሳይነበቡ በመጠባበቂያነት ይቀመጣሉ። የታማሚው የመከላከል ኃይል የመጀመሪያውን ልብስ ለይቶ ባክቴሪያዎቹን ሲያጠፋ ትኩሳቱ ይበርዳል። ከጥቂቶቹ በአንዱ ከመጠባበቂያ የተቀዳ ጂን በሚነበበው ቦታ ላይ ተተክቶ ከሆነ ግን ያ ባክቴሪያ አዲስ ልብስ ይለብሳል። መከላከያው ስለማያውቀውም ይተርፋል፣ ይባዛል፤ ከቀናት በኋላ ትኩሳቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ባክቴሪያ ኒውክለስ ባይኖረውም ዲኤንኤው የተቀመጠበት ስፍራ በዘፈቀደ አይደለም። በቦሬሊያ የትኛው ጂን በየትኛው ቦታ እንደተቀመጠ ሕመምተኛው ዳግመኛ በትኩሳት መያዝ አለመያዙን ይወስናል።